የጌታነሽ የንግግር ደብተር

ጌታነሽን ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አይቻታለሁ። የምትሠራበት ካርድ ክፍል ከእኔ ክፍል ቢርቅ ሃያ እርምጃ ነው። እኔ ታዲዮስ እባላለሁ፤ የሥነ አእምሮ ነርስ ነኝ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ሌላው ሰው ያላየውን እንዳይ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ግን ምንም አላየሁም። የምጽፈው ስለ እሷ ነው፤ በየመሃሉ ራሴን ብሰድብ አትታዘቡኝ፣ ይገባኛል።

አገራችን መንዝ ነው። ክረምት ላይ በረዶው በሆስፒታላችን ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እኛ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ወሬያችንን እንቀጥላለን። ጌታነሽ ግን ከኪሷ ጥጥ አውጥታ ጆሮዋን ትወትፋለች። «ምነው?» ስንላት «ብርድ እንዳይመታኝ ነው» ትላለች። መንዝ ውስጥ ብርድ ፈራሁ ያለን ሰው ማን ይመረምረዋል? ምሳዋ ሁልጊዜ በሶ ነው፤ የምትቀመጠውም ሁልጊዜ መስኮቱ ጥግ ነው። አንድ ፋሲካ ሠራተኞቹ አዋጥተን ሹራብ ገዛንላት። ደስ ብሏት ተቀበለች፣ መረቀችን፣ በነጋታው ገልብጣ ለብሳው መጣች። ስፌቱ ቆዳዋን ስለሚቆረቁራት ነበር ለካ። እኛ ግን ለሳምንት መሳቂያ አገኘን። እሷም ስንስቅ ሳቀች። አሁን ሳስበው ከእኛ ትንሽ ዘግየት ብላ ነበር የምትስቀው።

ሥራዋን ለሚያውቅ ግን ጌታነሽ የሆስፒታሉ ምሰሶ ናት። ካርዱን የጣለ ሽማግሌ ሲመጣ ስሙን ሰምታ ቀጥ ብላ ወደ መደርደሪያው ትሄዳለች። ሰላምታዋ ደግሞ የታወቀ ነው። «እንዴት አደሩ? ልጆች እንዴት ናቸው? ከብቱ እንዴት ነው? ገብሱስ እንዴት ይዞታል?» በዚሁ ቅደም ተከተል፣ አንድም ሳይጎድል። ከአዲስ አበባ የመጣውን የላቦራቶሪ ማሽን ጠጋኝ እንኳ ስለ ገብሱ ጠይቃዋለች። ሰውየው ግራ ቢገባውም «ደህና ነው» ብሎ መለሰ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች የጨዋ ልጅ ናት!» ይላል። ዓይኗን መሬት መሬት እያየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ካልጠየቋት የማትናገር ሴት እዚህ አገር ምን ተብላ ትሰደባለች? ትመረቃለች እንጂ።

አንድ ነገር ብቻ ነበረባት። ከለቅሶ፣ ከሠርግ ወይም ከበዓል ማግስት ሥራ አትገባም። ጨጓራ ነው ተባለ፤ የጨጓራ መድኃኒት ለዓመታት ዋጠች። ኋላ እኔ ዘንድ ተላከች፤ እኔም «ጭንቀት» ብዬ ጽፌ ሌላ መድኃኒት ጨመርኩላት። ለምን ሁልጊዜ በማግስቱ እንደሚሆን ብጠይቃት ኖሮ ይህ ታሪክ አጭር በሆነ ነበር።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ የክፍሌን በር አንኳኳች። አሥር ዓመት የሆናትን ልጇን አርሴማን ይዛ ነበር።

«ታዲዮስ፣ ልጄን እይልኝ። ትምህርት ቤት አልሄድም ካለች ሦስት ሳምንቷ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አርሴማ አራተኛ ክፍል ናት። አስተማሪዋ ማዕረግ «መልአክ ናት» ይላል፤ አትረብሽ፣ አትጣላ፣ ፈተናውን ትደፍናለች። ከትምህርት ቤት ተመልሳ የቤቱን ደፍ በተሻገረች ቅጽበት ግን ሌላ ልጅ ትሆናለች። ጫማዋን ትወረውራለች፣ ትጮኻለች፣ ከጎተራው ኋላ ገብታ እስኪመሽ አትወጣም። በመጨረሻ መሄዱንም ተወችው። አባቷ አንዷለም ገበሬ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ልጁ ስትንፈራገጥ ማየት ሰለቸው።

«‹ከጥምቀት በኋላ ትምህርት ሲከፈት ካልሄደች በቃ ትቅር፣ በጎቹን ትጠብቅ› አለኝ» አለች ጌታነሽ። «እኔ አሥረኛ ክፍል የደረስኩት ጥርሴን ነክሼ ነው። እሷ አራተኛ ላይ እንድትቀርብኝ አልፈልግም።»

አርሴማን አየኋት። ተነሥታ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። «እንደምን ዋሉ?» አለች። ጓደኛ እንዳላት ጠየቅኳት። «አለችኝ፤ እስከዳር ትባላለች።» ለጠየቅኳት ሁሉ ጥርት ያለ መልስ ሰጠችኝ። ስለ ኦቲዝም ትንሽ አስቤ ነበር፤ ኮሌጅ ሳለሁ መጽሐፋችን ላይ የነበረው ሥዕል ግን የማይናገር፣ የመጫወቻ መኪና ጎማ የሚያሽከረክር ወንድ ልጅ ነበር። ይህች ደግሞ ሴት ናት፣ ትናገራለች፣ እጅ ትነሣለች።

«ምንም የለባትም» አልኳት እናቲቱን። «ዓይን አፋር ናት፤ የጨዋ ልጅ ናት።»

ጌታነሽ አመስግናኝ ወጣች። ፊቷ ላይ ቅሬታ አላየሁም። እሷ ፊት ላይ ምን ጊዜስ ቅሬታ አይቼ አውቃለሁ?

ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ለሦስት ቀን ሥልጠና ተጠራሁ። ከሥልጠና የምጠብቀው እንቅልፍና ሻይ ነበር። አሠልጣኛችን ዶክተር ጽናት የምትባል የአእምሮ ሐኪም ናት። መጀመሪያ ነገር «በእናንተ አገር ሰው ዓይን ዓይን የማታይ ሴት ልጅ ምን ትባላለች?» ብላ ጠየቀችን።

አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ጨዋ!» አለ።

«ካልጠየቋት የማትናገርስ?»

«ጨዋ!»

«ከአንድ ጓደኛዋ ጀርባ የማትለይ፣ እሷ የምታደርገውን ሁሉ የምታደርግስ?»

«ጨዋ!» አልን፤ ያን ጊዜ ሁላችንም እየሳቅን ነበር።

«ይኸው» አለች ዶክተሯ። «እኛ ገና ምርመራ ሳንጀምር እናንተ መርቃችሁ ሸኛችኋት። ወንዱ ሲሆን ይረብሻል፣ ይታያል። ብዙዎቹ ሴቶች ልጆች ግን ሌላውን እያዩ መምሰልን ይማራሉ። የሚወዱት ነገርም ተራ ነገር ይሆናል፤ ጸጉር፣ ታሪክ፣ እንስሳ። የሚለየው የመውደዳቸው ልክ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲመስሉ ውለው ማታ ቤታቸው ይፈነዳሉ። ሲያድጉ ጨጓራ፣ ጭንቀት፣ ድብርት እየተባለ ይታከማሉ፤ እሱም እውነት ሊኖርባቸው ይችላል፣ ሥሩን ግን ማንም አላየውም።» ቀጥላም አስጠነቀቀችን። «ደግሞ አገር ሄዳችሁ ዝምተኛውን ሁሉ ኦቲዝም አለበት እንዳትሉኝ። ዝም ማለት ብቻውን ምንም አይደለም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው ወይ? ሰው መምሰሉስ ምን ያህል ያደክማታል? እሱን ጠይቁ።»

ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ጨጓራ ስትል ጌታነሽ፣ ቤት ይፈነዳሉ ስትል አርሴማ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። በጣም አፈርኩ። «የአጠገብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

እንደተመለስኩ ካርድ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። «ጌታነሽ፣ ተሳስቻለሁ። ስለ አርሴማ እንደገና ልጠይቅሽ» አልኳት። ጠየቅኋት። ልብስ ይቆረቁራታል? አዎ። ድምፅ? አዎ። ሰው እንዴት እንደሚያወራ እያየች ታጠናለች? አዎ። በመጨረሻ ጌታነሽ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ታዲዮስ፣ ይህ እኮ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው። እኔም እንዲሁ ነኝ።»

«ከሰው ጋር ከማውራትሽ በፊት የምትዪውን ታዘጋጂያለሽ?»

«ታዲያ ሌላው ሰው እንዴት ነው የሚያወራው?»

«ዝም ብሎ... ይመጣልናል።»

እየቀለድኩ መስሏት ትንሽ ጠበቀችኝና ሳቀች። እንዳልቀለድኩ ስነግራት ሳቋን አቆመች። መሳቢያዋን ከፈተችና ጠርዙ ያረጀ ደብተር አውጥታ ሰጠችኝ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የጻፈችው ነው፤ አሁን አርሴማንም ከዚሁ ነው የምታስተምራት።

«ሴት ስትወልድ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ሕፃኑን ቆንጆ ነው አትበይ፣ የቡዳ ዓይን ይላሉ።» «ለቅሶ፦ እግዜር ያጥናችሁ። ሌሎቹ ሲያለቅሱ ነጠላሽን ወደ ፊትሽ ሳቢ። ሁለተኛዋ ሴት ስትነሣ አንቺም ተነሺ።» «ዓይን ማየት ከከበደሽ ቅንድብ እዪ።» «ሰው ሲቀልድ፦ የሌሎቹን ፊት እዪ፤ ከሳቁ ሳቂ።»

ገጹን ስገልጥ አንድ መሥመር አገኘሁ። «ታዲዮስ ሲቀልድ፦ ሁልጊዜ ሳቂ፤ ደስ ይለዋል።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ቀልደኛ ነኝ ብዬ ኖሬያለሁ።

ኦቲዝም አለ ብሎ መወሰን የእኔ ሥልጣን አይደለም። ስለዚህ ጥምቀት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ ዶክተር ጽናት ሄድን፤ ጌታነሽ፣ አንዷለም፣ አርሴማና የጌታነሽ እናት እማማ ጠጄ። ዶክተሯ የሁለቱንም ልጅነት መስማት ስለፈለገች ነው እማማን ይዘን የመጣነው። እሳቸው ግን ልጃቸው የተከሰሰች መሰላቸው።

«ጌታነሽን የሚወቅስ ማን ነው?» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «እንደሷ ያለ ልጅ አልተወለደም። ሕፃን ሆና እንኳ ልቀፋት ስል አትወድም፣ ጨዋ! ልጆች ሲራወጡ እሷ የባቄላውን ፍሬ በየመልኩ ስትደረድር ትውላለች። አንድ ፍሬ ያነሣንባት እንደሆነ ግን ጉድ ነው! ‹አንድ ጊዜ ጠብቂኝ› ብያት ወንዝ ብወርድ ከቆመችበት አትንቀሳቀስም። አንድ ቀን ረስቻት ገበያ ሄጄ ስመለስ እዚያው ቆማ አገኘኋት። እንዲህ ያለ ታዛዥ አያችሁ?»

ዶክተሯ እየጻፈች «ቀጥሉ እማማ» ትላለች። እማማ ጠጄ ጠበቃ ሆነው የሚያቀርቡት ምስጋና ሁሉ እሷ የምትፈልገው ማስረጃ ነበር። እኔ ሳቄን ለመያዝ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ጌታነሽ ግን ፊቴን አይታ ለመሳቅ ስትዘጋጅ ሳያት ሳቄ ጠፋ።

ተራው የአርሴማ ሆነ። ዶክተሯ ስለ በጎቻቸው ጠየቀቻት። ያች ጭምት ልጅ ሠላሳ አንዱንም በጎች ከነእናታቸው፣ ከነአያታቸው፣ በየትኛው ዓመት ምን እንደወለዱ መዘርዘር ጀመረች። ግማሽ ሰዓት ሆነ። እስካሁን ማንም ልብ ያላለው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ መንዝ ውስጥ ስለ በግ አበዛህ የተባለ ሰው የለም።

«ትምህርት ቤትስ?» አለች ዶክተሯ በመጨረሻ።

የአርሴማ አነጋገር ቀስ አለ። «የምቀመጠው መስኮቱ ጋ ነው። ደወሉ የመኪና ቸርኬ ነው፣ መስኮቱ ላይ ነው የተሰቀለው። መቼ እንደሚመታ አላውቅም። ሲመታ ጥርሴ ውስጥ ይገባል። ግን ማንም ስለማይጮህ እኔም አልጮህም። ፊቴን አስተካክላለሁ። እስከዳር የምታደርገውን አደርጋለሁ። ከዚያ ቤት ስደርስ ያልቅብኛል።»

«ምኑ ነው የሚያልቅብሽ?»

«ፊቴ።»

ጌታነሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ይህን ግን ከደብተሩ አንብባ አልነበረም።

አንዷለም ኮፍያውን እጁ ላይ ሲያዞር ቆይቶ በድንገት ተናገረ። «ቦቄ ናታ!»

ሁላችንም ዞር አልን።

«ቦቄ የምትባል በግ ነበረችን» አለ። «አራት ዓመት ደንቆሮ መሆኗን አላወቅንም፣ ዶክተር። ስጠራ ሌሎቹ ሲዞሩ እሷም ትዞራለች። ሲሮጡ ትሮጣለች። እንዲያውም ከሁሉም እሷ ታዛዥ ናት እል ነበር። አንድ ቀን ጓሳ ግጦሽ ላይ ጉም ወረደና ሌሎቹ ከዓይኗ ተሰወሩ። ብጠራት ብጠራት የለችም። ለካ ሃያ እርምጃ ላይ ቆማለች፤ አትሰማኝም። ያን ቀን ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ እየተጨነቀች ኖራለች ብዬ አለቀስኩ፤ ለበግ! እንግዲህ ልጄን...» አልጨረሰውም። አርሴማን ወደ ራሱ ሊስባት ሲል አቅማማና እጁን ዘረጋላት። እሷ ራሷ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

ዶክተር ጽናት አልቸኮለችም። የአስተማሪው ቃል ያስፈልጋል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ትመለሳላችሁ አለች። ኦቲዝም ከሆነ ግን በሽታ ተላልፎባት፣ ሰው ረግሟት ወይም እናቷ አቀማጥላት የመጣ እንዳልሆነ፣ አእምሮዋ ከልደቷ ጀምሮ የሚሠራበት መንገድ እንደሆነ አስረዳች። እማማ ጠጄ «ጠበልስ?» ብለው ጠየቁ። «ከፈለገች ትጠመቅ እማማ» አለች ዶክተሯ። «ውኃው እንደሚመጣ ግን አስቀድመው ይንገሯት፤ ድንገት ፊቷ ላይ እንዳይረጭባት።» እማማ ይህን ፍርድ ተቀበሉት።

«የደወሉ ነገር ደግሞ የውጤት ወረቀቴን አይጠብቅም» አለችኝ ዶክተሯ ስንወጣ።

መምህር ማዕረግ ዘንድ ከወላጆቿ ጋር አብረን ሄድን። እሱ መጀመሪያ አልተዋጠለትም። «እኔ ዘንድ መልአክ ናት። ችግሩ ቤታችሁ ነው፣ አሞላቃችኋት» አለ። እኔ ሥልጠናዬን ልዘረግፍ አፌን ስከፍት አንዷለም በክርኑ ጎሸም አደረገኝና የቦቄን ታሪክ ራሱ ነገረው። የመንዝ ሰው ዶክተርን ላያምን ይችላል፤ ባለ በግን ግን ያምናል። ማዕረግ «ለካ እኛ የምናየው የሚያለቅሰውን ልጅ ብቻ ነበር» አለ። በዚያው ቀን ወንበሯ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ዞረ። ደወሉ ሊመታ ሲል ጠረጴዛዋን ነካ አድርጎ ሊነግራት፣ እረፍት ላይም ከፈለገች መጻሕፍት ክፍል እንድትቀመጥ ተስማማ። አንዷለም በዚህ አልረካም። ቸርኬው የሚመታበትን ብረት በበግ ቆዳ ጠቅልሎ አመጣ። ለአንድ ሳምንት ደወሉ ከግቢው ውጭ ስላልተሰማ ግማሹ ትምህርት ቤት አረፈደ፤ ርእሰ መምህሯም ቆዳውን አስፈትተው ቸርኬውን ወደ አጥሩ በር አዛወሩት።

ከጥምቀት በኋላ ትምህርት ተከፈተ። አርሴማ በመጀመሪያው ሳምንት የሄደችው ሁለት ቀን ነው፣ እሱም እስከ እረፍት። አንዷለም «ትቅር» አላለም። ደጃፍ ላይ ጠብቆ ስትመለስ ምንም ሳይጠይቃት በቀጥታ ወደ ጎተራው ኋላ ያሳልፋታል፤ እዚያ ለምድ አንጥፎላታል። በየካቲት መጨረሻ ሙሉ ሳምንት ዋለች። አሁንም አንዳንድ ቀን ትጮኻለች። ግን አራተኛ ክፍልን ጨርሳ አምስተኛ ገብታለች፤ ይህን ስጽፍ ደስታዬን ልደብቀው አልችልም።

ዶክተሯ ዘንድ እንደገና ሄደን የምርመራው ውጤት የመጣው ከፋሲካ በፊት ነው፤ ሁለት ወረቀት። አንዱ የአርሴማ፣ ሁለተኛው የጌታነሽ፤ ሁለቱም ላይ ኦቲዝም የሚል ተጽፏል። ጌታነሽ የራሷን ሁለት ጊዜ አነበበችውና ጠየቀችኝ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት... እኔ ሰነፍ ሆኜ አልነበረም ማለት ነው?»

«አልነበረም።»

«ሌሎቹ በነፃ የሚያገኙትን እኔ እየሠራሁ ነበር የማገኘው ማለት ነው?»

«አዎ።»

አለቀሰች፤ ረጅም ለቅሶ። ምን እንደሚባል አላወቅሁም፣ ደብተርም የለኝ። ዝም ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ኋላ አፍንጫዋን ጠርጋ ብዕሯን አነሣችና ደብተሩ ላይ ለአርሴማ አዲስ ገጽ ጻፈች። ጎንበስ ብዬ አነበብኩት። «ሲደክምሽ፦ ደክሞኛል በይ። ማንም አይሞትም።»

ባለፈው ሰኞ፣ የአንድ ጎረቤት ሠርግ በሆነ ማግስት፣ ሥራ ስገባ ጌታነሽ ካርድ ክፍሏ ነበረች። ከሠርግ ማግስት ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። እንደ ልማዴ ገና ከበሩ ላይ አንድ ቀልድ ወረወርኩ።

አልሳቀችም። ቅንድቤንም አላየችም፤ መደርደሪያዋን እያየች «ታዲዮስ፣ ዛሬ ደክሞኛል። በሩን ዝጋልኝ» አለችኝ።

በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁላት። ሃያውን እርምጃ እየተመለስኩ ብቻዬን ስስቅ ያዩኝ ሕመምተኞች የሥነ አእምሮ ነርሱ ራሱ ነካ አደረገው ብለዋል አሉ። ይበሉ። ስድስት ዓመት ጎረቤት ኖረን ጌታነሽ ሳልጠይቃት ስለ ራሷ እውነቱን ስትነግረኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።